ሞዴሉ ሳይቀየር ፕሪሲዥኑ ከ90 ወደ 15 ከመቶ የሚወርድበት ምክንያት

የተከበሩ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የመካከለኛ ፈተና ወረቀቴን ስመለከት በአራተኛው ጥያቄ ከ12 ነጥብ 7 ማግኘቴን አየሁ። ጥያቄው በደረት ኤክስሬይ የሳንባ ነቀርሳን የሚለይ ሞዴል በ100 ሕሙማንና በ100 ጤነኞች ላይ ተፈትኖ ከሕሙማኑ 90ውን፣ ከጤነኞቹም 90ውን በትክክል ለየ ይላል። ሰንጠረዡንና መለኪያዎቹን የሚጠይቀውን «ሀ»ን ሙሉ በሙሉ አግኝቻለሁ። «ለ» ላይ ግን፣ ከ100 ተመርማሪ 2ቱ ብቻ ሕሙማን በሆኑበት የልየታ ዘመቻ ምን ውጤት ይጠበቃል ለሚለው፣ «ሞዴሉ ስላልተቀየረ አኩሬሲውም ፕሪሲዥኑም 90 ከመቶ ይሆናል» ብዬ ከ5 ነጥብ 1 ብቻ ተሰጠኝ። «ሐ» ላይ ከሁለቱ ሞዴሎች የመጀመሪያውን በሪኮሉ ምክንያት መርጬ ከ3 ነጥብ 2 አግኝቻለሁ። የምጠይቀው ነጥብ እንዲጨመርልኝ ሳይሆን ስሕተቴን ለመረዳት ነውና ጊዜ ሲኖርዎት ቢያስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ውድ ተማሪዬ፣

ወረቀትሽን እንደገና አውጥቼ አይቼዋለሁ። የተሰጠሽ 7 ነጥብ እንዳለ ይጸናል፤ ጥያቄሽ ግን ሙሉ መልስ የሚገባው ነው፣ ምክንያቱም በዚህ ቦታ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን ሞዴል ሠርተው ወደ ሥራ ባስገቡ ሰዎች ሪፖርት ውስጥም ደጋግሞ የሚታይ ነው። በ«ሀ» ላይ ያወጣሻቸው ቁጥሮች ሁሉ ትክክል ናቸው። ነጥቡ የጎደለው ቁጥሩን ከተገኘበት ሰንጠረዥ አንሥተሽ ሌላ ሕዝብ ላይ ስታሳርፊው የትኛው አብሮሽ እንደሚሄድና የትኛው እዚያው እንደሚቀር ባለመለየትሽ ነው።

«ሞዴሉ ስላልተቀየረ» ያልሽው አባባል ለአንዳንዱ መለኪያ እውነት ነው፣ ለሌላው አይደለም። ሪኮል የሚሰላው ከሕሙማኑ ብቻ ነው፤ ከ100 ሕሙማን ስንቱን አገኘ ብለን ስንጠይቅ የጤነኞቹ ቁጥር በስሌቱ ውስጥ የለም። ስፔሲፊሲቲም እንዲሁ የሚሰላው ከጤነኞቹ ብቻ ነው፤ ከ100 ጤነኞች ስንቱን ጤነኛ ብሎ አሳለፈ ስንል ሕሙማኑ አይገቡበትም። ስለዚህ የሕሙማኑና የጤነኞቹ ድርሻ ቢቀየር እነዚህ ሁለቱ፣ ኋላ በምጠቅሰው ቅድመ ሁኔታ፣ ባሉበት ይቆያሉ። ፕሪሲዥን ግን የተለየ ጠባይ አለው። ሞዴሉ «ቲቢ አለበት» ካላቸው ሰዎች ውስጥ በእውነት የታመሙት ስንት ናቸው ብለን ስንጠይቅ፣ አካፋያችን ከሁለቱም ወገን የተሰበሰበ ድምር ነው፤ በትክክል የተያዙት ከሕሙማኑ ወገን፣ በስሕተት የተያዙት ደግሞ ከጤነኞቹ ወገን ይመጣሉ። የጤነኞቹ ወገን በበዛ መጠን በስሕተት የሚያዙትም ይበዛሉ፤ ሞዴሉ ውስጥ አንድም ነገር ሳይነካ ፕሪሲዥን ይወርዳል። ባጭሩ ፕሪሲዥን ሞዴሉንና የተሞከረበትን ሕዝብ በአንድነት የሚገልጽ ቁጥር ነው።

ይህን በጥያቄው ቁጥሮች እንከተለው። ወደ ዘመቻው 1000 ሰው መጣ እንበል። ከ100 ሰው 2ቱ ስለሚታመሙ ሕሙማኑ 20፣ ጤነኞቹ 980 ይሆናሉ። ሞዴሉ ከ20ዎቹ 90 ከመቶውን፣ ማለትም 18ቱን ያገኛል፤ 2ቱ ያመልጡታል። ከ980ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 90 ከመቶውን፣ ማለትም 882ቱን በትክክል ያሳልፋል፤ የቀሩትን 98 ሰዎች «ቲቢ አለባችሁ» ይላቸዋል። ስለዚህ ሞዴሉ የሚይዛቸው ሰዎች በጠቅላላው 18 ሲደመር 98፣ ማለትም 116 ናቸው። ከ116ቱ በእውነት የታመሙት 18 ብቻ ስለሆኑ ፕሪሲዥኑ 15.5 ከመቶ ነው። በአንቺ መልስ መሠረት ግን ሞዴሉ ከያዛቸው ከ10 ሰዎች 9ኙ የታመሙ ይሆኑ ነበር፤ በዘመቻው ላይ የምትሠራ ነርስ ያንን ቁጥር አምና ብትነሣ፣ ገና ማረጋገጫ ምርመራ ላልተደረገላቸው ሰዎች ሕሙማን እንደሆኑ አድርጋ ልትነግራቸው ትችላለች። ከ5ቱ ነጥብ 3ቱ የተመደቡት ለዚህ ስሌት ነበር።

ስሌቱን በማንኛውም የሕሙማን መጠን ለመሞከር ይህን አጭር ኮድ ማስኬድ ይበቃል፤ `p` ማለት በተመርማሪው ሕዝብ ውስጥ ያለው የሕሙማን ድርሻ ነው።

```python
def precision_at(recall, spec, p):
    tp = recall * p
    fp = (1 - spec) * (1 - p)
    return tp / (tp + fp)

for p in (0.50, 0.02, 0.00277):
    print(p, round(precision_at(0.90, 0.90, p), 3))
```

ውጤቱ በቅደም ተከተል 0.9፣ 0.155 እና 0.024 ነው። የመጨረሻውን `p` ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100,000 ሰዎች ውስጥ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ያለባቸው 277 ያህል እንደሆኑ ተገምቷል። የፈተናው ጥያቄ ያስቀመጠው 2 ከመቶ ሳል ያለባቸውን ወይም ከሕሙማን ጋር የሚኖሩትን መርጦ ለሚያጣራ ዘመቻ የታሰበ ነው፤ ሰውን ሳይመርጥ መንደሩን በሙሉ ለሚያጣራ ዘመቻ ግን ያው ሞዴል ከያዛቸው 100 ሰዎች የታመሙት ከ3 አይበልጡም።

አሁን ወደ አኩሬሲ ልመለስ፤ ያገኘሽው አንድ ነጥብ ከዚያ የመጣ ነው። በዘመቻው ላይ በትክክል የተለዩት 18 ሲደመር 882፣ ማለትም 900 ሰዎች ስለሆኑ አኩሬሲው እንዳልሽው 90 ከመቶ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ያልተለወጠው ሪኮሉና ስፔሲፊሲቲው እኩል 90 ከመቶ ስለሆኑ ብቻ ነው። አኩሬሲ የሁለቱ አማካይ ነው፣ ሚዛኑም የሕሙማንና የጤነኞች ድርሻ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ሚዛኑ ወደ የትም ቢያጋድል አማካዩ ያው ነው። በ«ሐ» ላይ ያለው ሁለተኛ ሞዴል ሪኮሉ 85፣ ስፔሲፊሲቲው 97 ከመቶ ስለሆነ፣ በፈተናው ሰንጠረዥ 91 ከመቶ የነበረው አኩሬሲው በዘመቻው ላይ 96.8 ይሆናል፤ ይህም ሞዴሉ ራሱ ሳይቀየር ማለት ነው። ኤክስሬዩን ጨርሶ ሳያይ ሁሉንም ሰው «ጤነኛ ነህ» የሚል ፕሮግራም ደግሞ በዚያው ዘመቻ 98 ከመቶ አኩሬሲ ያገኛል፣ አንድም ሕሙም ግን አያገኝም። ስለዚህ የ90 ከመቶ አኩሬሲው አለመቀየሩ በራሱ ስለ ሞዴሉ መልካምነት የሚነግረን ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ይሳሳታሉ፤ 15.5ን ካወጡ በኋላ «ስለዚህ ሞዴሉ አይረባም» ብለው ይደመድማሉ። ይህም ትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለቲቢ ቅድመ ማጣሪያ ምርመራ ባስቀመጠው መመዘኛ ዝቅተኛው ተፈላጊ ሪኮል 90 ከመቶ፣ ዝቅተኛው ተፈላጊ ስፔሲፊሲቲ 70 ከመቶ ነው፤ በ2021 ደግሞ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ኤክስሬይን በባለሙያ ምትክ የሚያነብ ሶፍትዌር ለልየታ መጠቀም እንደሚቻል አሳውቋል። መመዘኛው የተጻፈው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሊሻገሩ በሚችሉት በሁለቱ መለኪያዎች እንጂ በፕሪሲዥን አለመሆኑን ልብ በዪ። ምክንያቱ የሚገባን ልየታው ከየት ወደ የት እንደሚያደርስ ስንመለከት ነው። ሞዴሉ የያዘው ሰው ወደ መድኃኒት ሳይሆን ወደ ጂን ኤክስፐርት ምርመራ ይላካል፤ አክታው በካርትሪጅ ተመርምሮ ይረጋገጣል። ሞዴሉ ባይኖር 1000ዎቹንም ለመመርመር 1000 ካርትሪጅ ያስፈልግ ነበር፤ በሞዴሉ 116 ይበቃል፣ ከ20ዎቹ ሕሙማንም 18ቱ ይገኛሉ። ሞዴሉ ካለፋቸው 884 ሰዎች መካከል የታመሙት 2 ብቻ ናቸው። ያው 15.5 ከመቶ በቀጥታ ሕክምና ለማስጀመር አደገኛ ነው፣ ለማጣራት ግን እጅግ ጠቃሚ ነው።

የቀረው አንድ ነጥብ የተመደበው ስሌቱ የቆመበትን ቅድመ ሁኔታ ለገለጸ መልስ ነበር። እስካሁን ሪኮሉና ስፔሲፊሲቲው ወደ ዘመቻው ሲሄዱ እንዳሉ ይቆያሉ ብለን ነው ያሰላነው። ይህ እውነት የሚሆነው የዘመቻው ሕሙማን የፈተናውን ሕሙማን፣ የዘመቻው ጤነኞችም የፈተናውን ጤነኞች ሲመስሉ ብቻ ነው። ጥያቄው ላይ 100ዎቹ ሕሙማን ከሪፈራል ሆስፒታል የተገኙ እንደሆኑ ተጽፏል። ሪፈራል የደረሰ ሕሙም ብዙ ጊዜ በሽታው የገፋበት ነው፤ ሳንባው ላይ የተቦረቦረው ቦታ በፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል። በዘመቻ የሚገኘው ሕሙም ግን ሳሉ ገና ያልጠነከረ፣ ጥላው ደብዛዛ የሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ እሱን የማግኘት ዕድሉ ከ90 ከመቶ ያንሳል። በጤነኞቹም በኩል እንዲሁ ነው። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ከሆኑ ሞዴሉን አልፈተኑትም ማለት ነው፤ በዘመቻው ላይ ግን ከዓመታት በፊት ቲቢ ታሞ የዳነና ጠባሳው የቀረበት ሰው፣ የሳንባ ምች ያለበት ሰው፣ ልቡ ያበጠ አዛውንት ሁሉም «ጤነኛ» ከሚለው ወገን ይሰለፋሉ። ስለዚህ 15.5ን እንደ መካከለኛ ግምት ሳይሆን ወደ ላይኛው ጫፍ እንደሚያዘነብል ግምት አድርገሽ ብትወስጂው ይሻላል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ በፈተናው ያልጠየቅሁት ነገር ግን በሥራ ላይ የሚያስፈልግሽ ነጥብ አለ። ስፔሲፊሲቲው 90 ከመቶ ነው ያልነው በ100 ጤነኞች ላይ ብቻ ተመሥርተን ነው። በ100 ሰው ላይ የተገኘ 90 ከመቶ፣ በ95 ከመቶ የመተማመኛ ወሰን ሲታይ፣ ከ83 እስከ 94 ከመቶ ገደማ ከሚደርስ እውነተኛ ዋጋ ሊመጣ ይችላል። በፈተናው ሰንጠረዥ ላይ ይህ ልዩነት የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ይመስላል፤ በዘመቻው 980 ጤነኞች ላይ ሲያርፍ ግን በስሕተት የሚያዙት ሰዎች ከ60 በታችም ከ160 በላይም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፕሪሲዥኑም ከ10 ከመቶ እስከ 25 ከመቶ አካባቢ ይዋልላል። ብርቅ የሆነ በሽታን የሚለይ ሞዴል ሲፈተን ብዙ ጤነኛ ሰው በሙከራ ዳታው ውስጥ መግባት ያለበት ለዚህ ነው፤ ዘመቻውን የሚያጨናንቁት በስሕተት የተያዙት ናቸውና እነሱን የሚወስነው ቁጥር በደንብ መለካት አለበት።

ወደ «ሐ» እንሂድ። የመጀመሪያውን ሞዴል የመረጥሽበት ምክንያት፣ ማለትም የታመመን ሰው ማሳለፍ ጤነኛን ደግሞ ከመመርመር የከፋ ነው የሚለው፣ የሚከበር ምክንያት ስለሆነ 2 ነጥብ አግኝቶልሻል። የጎደለው ምክንያቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ በዘመቻው ቁጥር አለማስቀመጥሽ ነው። ሁለተኛው ሞዴል ከ20ዎቹ ሕሙማን 17ቱን ያገኛል፣ ከ980ዎቹ ጤነኞች ግን 29 ያህሉን ብቻ በስሕተት ይይዛል፤ በጠቅላላው 46 ሰው ይልካል፣ ፕሪሲዥኑም 37 ከመቶ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ከ1000 ሰው አንድ ተጨማሪ ሕሙም ያገኛል፣ ለዚያም 70 ተጨማሪ ካርትሪጅ ይፈልጋል። በፈተናው ሰንጠረዥ ላይ ፕሪሲዥንንና ሪኮልን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው ኤፍ1 ለሁለቱም ሞዴሎች በ0.90 ላይ ተቀራርቦ ሲታይ ይህ ልዩነት ፈጽሞ አይታይም ነበር።

ዘመቻው ካርትሪጅ የማያጣ ከሆነ የአንቺ ምርጫ ትክክል ነው፤ እኔም ያንኑ እመርጥ ነበር። ነገር ግን ለ1000ው ሰው ያለው ካርትሪጅ 60 ብቻ ነው እንበል፤ እንዲህ ያለው እጥረት ከሐሳብ ውጪ አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል 116 ሰው ይልካል፣ ከመካከላቸው ግን 60ዎቹ ብቻ ይመረመራሉ። የሚመረመሩት በመጡበት ተራ ከተወሰዱ ከ18ቱ ሕሙማን የሚገኙት 9 ያህሉ ናቸው። ሁለተኛው ሞዴል የሚልካቸው 46ቱም ተመርምረው 17ቱ ሕሙማን ይገኛሉ፣ ካርትሪጅም ይተርፋል። ስለዚህ በሪኮል የሚበልጠው ሞዴል፣ ከኋላው ያለው ላቦራቶሪ ሲጠብበት፣ በእጅ የሚያገኘው ሕሙም በግማሽ ያህል ያንሳል። ሦስተኛው ነጥብ የተቀመጠው ይህን መሰል አንድ ዓረፍተ ነገር ለጻፈ ነበር፤ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። በእርግጥ ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ፊልም የሚሰጠው ውጤት በእጅሽ ካለ፣ «ቲቢ አለበት» የሚባልበትን የመቁረጫ ነጥብ ከፍ በማድረግ ወይም ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን 60ዎቹን በማስቀደም የመጀመሪያውንም ሞዴል ማሻሻል ይቻላል፤ የመቁረጫ ነጥቡ ግን መመረጥ ያለበት በማረጋገጫ ዳታ ላይ እንጂ የመጨረሻውን ውጤት በምትዘግቢበት የሙከራ ዳታ ላይ አይደለም።

በፕሮጀክትሽ ላይ ይህን ስሕተት ቀድመሽ የምታዪበት ቦታ ልንገርሽ። ከ`scikit-learn` የሚወጣው `classification_report` በቀኝ ጫፉ `support` የሚል ዓምድ አለው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደነበረ የሚነግርሽ እሱ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ወይም የተቀራረቡ ሆነው ካየሽ፣ በግራ የተጻፈው `precision` የሚናገረው ስለዚያ እኩል ስለተደረገው ሕዝብ ብቻ እንደሆነ ወዲያው አስቢ። የአንቺ ጥያቄ ላይም 100 እና 100 የሚሉት ቁጥሮች የተቀመጡት ለዚህ ነበር። ብዙ ጊዜ ይህ የሚፈጠረው ዳታው ሲሰበሰብ ሳይሆን ተማሪው ራሱ የበዛውን ክፍል ቀንሶ ካስተካከለ በኋላ ዳታውን ለማሠልጠኛና ለሙከራ የሚከፍለውን `train_test_split`ን ስለሚጠራ ነው፤ የማሠልጠኛውን ዳታ ለማመጣጠን የታሰበው ሥራ የሙከራ ዳታውንም አብሮ ያመጣጥነዋል። መጀመሪያ `stratify=y` ጨምረሽ ከፍዪው፣ ከዚያ ማመጣጠን ካስፈለገ የማሠልጠኛውን ብቻ አመጣጥኚ፣ የሙከራው ዳታ ግን የመጣበትን ድርሻ ይዞ ይቆይ። የመጣበት ድርሻ ራሱ ሰው ሠራሽ ከሆነ፣ እንደ ፈተናው ጥያቄ፣ ሪኮልና ስፔሲፊሲቲን ከነመተማመኛ ወሰናቸው ዘግበሽ፣ ፕሪሲዥንን ግን ሞዴሉ በሚውልበት ቦታ ባለው የሕሙማን ድርሻ አስልተሽ፣ የተጠቀምሽበትንም ድርሻ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፊ።